ምግብ ዘግይቶ ለደረሳቸው ደንበኞች የሚጻፍ የይቅርታ ፖስት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ዴሊቨሪ ለሚሠሩ ምግብ ቤቶች ባለቤቶችና ገጻቸውን ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከላይ እስከ ታች አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ በሰዓት 20 የዴሊቨሪ ትዕዛዝ ማውጣት የሚችል ኩሽና፣ አንድ የተጨናነቀ ዓርብ ምሽት፣ እና በማግስቱ የሚለጠፍ አንድ የይቅርታ ጽሑፍ።

ፖስቱን ከመጻፌ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

የምሽቱን የትዕዛዝ ዝርዝር ያውጡ። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አራት ሰዓቶች ያስፈልጋሉ፦ የታዘዘበት፣ ኩሽናው ጨርሶ ያስረከበበት፣ አድራሹ ይዞ የወጣበት እና ደንበኛው እጅ የገባበት። ምግቡ የቱ ጋ እንደቆመ የሚነግሩዎት እነዚህ ሰዓቶች ናቸው። ምግቡ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ባንኮኒ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ከሆነ ያጠረው አድራሽ ነው። ከትዕዛዙ እስከ ርክክቡ ያለው ጊዜ ከተለጠጠ ግን ችግሩ ኩሽናው ውስጥ ነው። ይህን ሳያዩ የሚጻፍ ይቅርታ ግምት ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ግምት መሆኑን ከመጀመሪያው አረፍተ ነገር ይለየዋል።

ወደ ምሳሌያችን እንምጣ። አፑ ለደንበኛው «በ45 ደቂቃ ይደርሳል» ይላል። ከዚህ ውስጥ 15ቱ ለማብሰል፣ 20ው ለመንገድ፣ የቀረው 10 ደቂቃ ደግሞ ለወረፋ የተተወ ነው። ምሽት ከ1 እስከ 2 ሰዓት 32 ትዕዛዝ ገባ፤ ኩሽናው 20 አወጣ፤ 12 ተረፈ። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሌላ 28 ገባ፤ 20 ወጣ፤ ወረፋው ወደ 20 አደገ። ልክ 3 ሰዓት ላይ ያዘዘ ሰው ከፊቱ 20 ትዕዛዝ አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ተራው እስኪደርስ ብቻ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ማብሰያውና መንገዱ ሲጨመሩ ምግቡን የሚያገኘው ከ95 ደቂቃ በኋላ ነው። ሲያዝዝ ግን አፑ 45 ደቂቃ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ በዚያ ምሽት ማንም አልሰነፈም። አብሳዮቹ በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ ነበር። ስህተቱ ወረፋው እየረዘመ ሳለ አዲስ ትዕዛዝ ለጊዜው አለመዘጋቱ፣ የሚታየውም ሰዓት አለመቀየሩ ነው። ይህ የአስተዳደር ውሳኔ ስለሆነ ይቅርታውም በቤቱ ስም የሚጠየቅ ይሆናል።

ከዝርዝሩ ሌላም ነገር ይወጣል። ከ60ው ትዕዛዝ ወደ 50 የሚጠጋው ከተባለው ሰዓት አልፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ 23ቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይተዋል። ማካካሻው የሚሰላው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ጽሑፉ ራሱ ምን ይመስላል?

ለምሳሌያችን ምግብ ቤት የሚሆን ይኸውና፦

> ውድ ደንበኞቻችን፣
>
> ዓርብ ምሽት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ካዘዛችሁን ውስጥ አብዛኞቻችሁ ምግባችሁን ከነገርናችሁ ሰዓት ዘግይተን ነው ያደረስንላችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል የጠበቃችሁም አላችሁ። ይቅርታ እንጠይቃለን።
>
> ጥፋቱ የእኛ ነው። ኩሽናችን ከሚችለው በላይ ትዕዛዝ ተቀብለናል፤ ወረፋው ሲረዝምም በ45 ደቂቃ ይደርሳል የሚለውን አልቀየርንም። ምግቡን ያመጡላችሁ አድራሾች በዚህ ጥፋት የለባቸውም።
>
> ከዛሬ ምሽት ጀምሮ ወረፋ ላይ ያለው ትዕዛዝ ከ3 ሲያልፍ የሚታያችሁ የመድረሻ ሰዓት 75 ደቂቃ ይሆናል። ወረፋው 12 ሲደርስ ደግሞ እስኪቀል ድረስ አዲስ ትዕዛዝ አንቀበልም።
>
> ከነገርናችሁ ሰዓት ከግማሽ ሰዓት በላይ ለዘገየባችሁ ሁሉ የማድረሻ ክፍያችሁን ዛሬ ጠዋት መልሰናል። በዚያ ምሽት ለዘገየባችሁ በሙሉ ደግሞ የሚቀጥለው ትዕዛዛችሁ 20 በመቶ ቅናሽ አለው። በስልክ ቁጥራችሁ ስለተመዘገበ ምንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፤ ለ30 ቀን ይቆያል።
>
> ምግቡ ጭራሽ ያልደረሳችሁ ወይም ሊበላ በማይችል ሁኔታ የደረሳችሁ ካላችሁ በስልክ ወይም በኢንቦክስ አሳውቁን፤ ሙሉ ክፍያችሁን እንመልሳለን።

የ3 እና የ12 ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህ ኩሽና አንድ ትዕዛዝ በአማካይ በየ3 ደቂቃው ያወጣል። ሦስት ትዕዛዝ ከፊት ካለ 9 ደቂቃ ወረፋ ነው፤ ለወረፋ በተተወው 10 ደቂቃ ውስጥ ይገባል። አሥራ ሁለት ከፊት ካለ ወረፋው 36 ደቂቃ ይሆናል፤ 15 ማብሰያና 20 መንገድ ሲጨመርበት 71 ደቂቃ። ስለዚህ 75 ደቂቃ ብሎ መናገር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ መቀበል ግን ያንኑ ዓርብ መድገም ነው። እርስዎ ይህን ቁጥር ከራስዎ ኩሽና ፍጥነት ያውጡ። ከሌላ ቤት ቢወስዱት አይሠራም።

«ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን» ብል አይበቃም?

አይበቃም። ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም፤ መስተጓጎሉ ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። የትኛው ምሽት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ዘገየ የሚለው ሲጻፍ ግን የጠበቀው ሰው ራሱን እዚያ ውስጥ ያገኘዋል፤ ያልጠበቀው ደግሞ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ያውቃል። በተጨማሪም «ካስቀየምናችሁ» ወይም «ቅር ያላችሁ ካላችሁ» የሚሉ አባባሎችን ያስወግዱ። ምግቡ መዘግየቱ የተረጋገጠ ነገር ነውና «ካ» አያስፈልገውም።

ምክንያቱ ከእኛ ውጭ ቢሆንስ? ዝናብ፣ መንገድ መዘጋት፣ የመብራት መቋረጥ?

ከሆነ ይጻፉት፤ መደበቅም ማጋነንም አያስፈልግም። ነገር ግን በአንድ አረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፣ ወዲያውም በእጅዎ የነበረውን ያስከትሉ። ለምሳሌ «ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄዶ ምድጃችን ለ40 ደቂቃ ቆሟል። እኛ ግን ትዕዛዝ መቀበላችንን አላቆምንም፣ ለጠበቃችሁንም አልደወልንም» ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ነው። ሁለተኛው ከሌለ አንባቢው የሚያየው ሰበብ ብቻ ነው።

አድራሾቹ የሌላ ድርጅት ሠራተኞች በሚሆኑበት ጊዜም ያው ነው። ደንበኛው ያዘዘው ከእርስዎ ቤት ነው፤ በእሱ ዓይን የዘገየው የእርስዎ ምግብ ነው። «አድራሽ ባለማግኘታችን የተዘጋጀው ምግብ ቆይቷል» ማለት እውነትን መናገር ነው። የድርጅቱን ስም ጠርቶ ሕዝብ ፊት መክሰስ ግን ሌላ ጭቅጭቅ ይከፍታል፣ ኮሜንቱም ስለ እርስዎ ምግብ ቤት መሆኑ ቀርቶ ስለ ክርክሩ ይሆናል። ከድርጅቱ ጋር ያለዎትን ነገር ሰዓቶቹን ይዘው ለብቻ ይነጋገሩ።

አድራሾቹ ጥፋት የለባቸውም ብሎ መጻፍ ለምን አስፈለገ?

በሩ ላይ ቆሞ የደንበኛውን ቁጣ የሚቀበለው አድራሹ ስለሆነ ነው። ወረፋውን እሱ አልፈጠረውም፤ ከባንኮኒው የተረከበውን በ20 ደቂቃ አድርሷል። ይህን አንድ መስመር ጻፉ ማለት ቅንነት ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ አድራሹን በሚሰድብበት ፈንታ ወደ ቤቱ እንዲደውል ያደርገዋል። በነገራችን ላይ ፖስቱ ከመለጠፉ በፊት አብሳዮች፣ ካሸሮችና አድራሾች ያንብቡት። ስለ ቅናሹ ከደንበኛ አፍ የሚሰማ ካሸር «እኔ አላውቅም» ከማለት ውጭ ምርጫ የለውም፤ ያ መልስ ደግሞ የይቅርታውን ዋጋ በአንድ ስልክ ያጠፋዋል።

ማካካሻው ምን ያህል መሆን አለበት?

ጉዳቱን የሚመጥንና ቤቱ ሳይንገዳገድ የሚከፍለው መሆን አለበት። የማድረሻ ክፍያ መመለስ ጥሩ መነሻ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛው የከፈለበት አገልግሎት በትክክል ያልተሰጠው ያ ነው። ቅናሹ ደግሞ ለጠበቀው ጊዜ ነው።

ወጪውን አስቀድመው ያስሉ። በምሳሌያችን 50 ሰዎች ዘግይቶባቸዋል። ሁሉም 20 በመቶ ቅናሹን ቢጠቀሙበት ከኪስ የሚወጣው ወደ 10 የሚጠጋ ሙሉ ትዕዛዝ ዋጋ ነው፤ ይህም የዚያ ኩሽና የግማሽ ሰዓት ሥራ ማለት ነው። በተግባር ሁሉም አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ቤቱን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ለደንበኛውም የሚታይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከመጠኑ ይልቅ አሰጣጡ ነው። አንዳንድ ቤቶች የቅናሽ ኮዱን ፖስቱ ላይ ጽፈው ለሁሉም ይለቁታል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የጠበቀውና በዚያ ምሽት ምንም ያላዘዘው ሰው እኩል ይሆናሉ፤ ይቅርታውም ማስታወቂያ ይመስላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ቅናሹ «ለዚህ ዓርብ ብቻ» ከተባለ በዚያው በተጨናነቀው ሰዓት ተጨማሪ ትዕዛዝ ይጠራል። ኩሽናው አሁንም በሰዓት 20 ነው የሚያወጣው። ለመዘግየት የተሰጠ ማካካሻ ሌላ መዘግየት ሲወልድ የማየት ያህል የሚያሳዝን ነገር የለም። 30 ቀን ያልነውም ለዚህ ነው፤ ሰዎች በተለያየ ቀን ይጠቀሙበታል፣ ጫናው ይበተናል።

ደንበኛውን እንዲለምን አያድርጉት። «ስክሪንሾት ላኩልን»፣ «ፎርም ሙሉ» ማለት ለጠበቀ ሰው ተጨማሪ መጠበቅ ነው። ማን እንደዘገየበት በእጅዎ ባለው ዝርዝር ላይ አለ። ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠንም አይጨምሩበት።

ቅናሽ የማይበቃበት ጊዜ አለ?

አለ። ምግቡ ጭራሽ ያልደረሰበት፣ የተሳሳተ ምግብ የደረሰው፣ ወይም ምግቡ ለጤና በሚያሰጋ ሁኔታ የደረሰው ሰው ሙሉ ገንዘቡ ይመለስለት፤ ቅናሽ እዚህ ቦታ የለውም።

በጤና በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ትኩስ የሚቀርበውም እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቆየት አለበት። እዚህ ላይ አራቱ ሰዓቶች እንደገና ይጠቅማሉ። ደንበኛው 95 ደቂቃ ቢጠብቅም አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ ገና አልተሠራም ነበር፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ 20 ደቂቃ ብቻ ከሆነው መዘግየቱ ያናድዳል እንጂ አያሰጋም። በአንጻሩ ተዘጋጅቶ ባንኮኒ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ፣ በመንገድ ላይ ሌላ 40 ደቂቃ የፈጀ ምግብ ከሁለት ሰዓት አልፏል። እንዲህ ያለው ዝርዝሩ ላይ ከተገኘ ፖስት አይጠበቅም፤ ወዲያው ይደወልና «እባክዎ አይብሉት፣ ገንዘብዎን እንመልሳለን» ይባላል።

መቼ ይለጠፍ?

ምሽቱ ገና እየሄደ ሳለ የሚያስፈልገው አጭር መልእክት ነው፤ እሱም ለሚጠብቁት በቀጥታ ይላካል፦ «ትዕዛዝዎ ዘግይቷል፣ አሁን ባለው ወረፋ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። መጠበቅ ካልቻሉ ያለ ምንም ክፍያ እንሰርዘዋለን።» ትክክለኛ ሰዓት ይነገረው፤ «በቅርቡ» አይባል። ሰው እራቱን የሚበላበትን ማቀድ ይችላል፣ ልጆቹን ሌላ ነገር ያበላል፣ ወይም ይሰርዛል።

ዋናው ፖስት በማግስቱ ጠዋት፣ ዝርዝሩ ከታየና ተመላሹ ገንዘብ ከተላከ በኋላ ይውጣ። በጽሑፉ «መልሰናል» ያልነው በዚህ ምክንያት ነው፤ «እንመልሳለን» ከሚለው ይልቅ ይታመናል፣ እውነትም መሆን አለበት። በባንክ ወይም በአፑ በኩል ለመግባት ቀናት የሚወስድ ከሆነ ያንን ይጨምሩ። ሌሊት ላይ ደክሞ መጻፍ ግን አይመከርም፤ የሌሊት ጽሑፍ ወይ ይማጸናል ወይ ይከራከራል።

ኮሜንቶቹን እንዴት ልመልስ?

ስድብ ካልሆነ አያጥፉ። ለእያንዳንዱ ቅሬታ አንድ ዓይነት መልስ መለጠፍም ከዝምታ አይሻልም። ከምሳሌያችን አንዱን እንይ። አንድ ደንበኛ «3 ሰዓት አስጠብቃችሁኛል፣ ምግቡም በረዶ ሆኖ ነው የመጣው» ብለው ጻፉ። ዝርዝሩ ላይ የጠበቁት 90 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት እንዳልሆነ በአደባባይ ማረም ያጓጓል፤ ግን ምን ያተርፋሉ? የሚሻለው እንዲህ ነው፦

> በጣም ይቅርታ እንጠይቃለን። ትዕዛዝዎን አይተነዋል፤ ከተባለው ሰዓት እጅግ ዘግይቷል፣ ቀዝቅዞ መድረሱም ልክ አይደለም። የምግቡን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ልንመልስልዎ እንፈልጋለን፤ በኢንቦክስ ጽፈንልዎታል።

ቁጥሩን አልተቀበለም፣ አልተከራከረምም። ሌላው አንባቢ የሚያየው ቤቱ ትዕዛዙን ፈልጎ ማየቱን ነው። የደንበኛውን ስልክ፣ አድራሻ ወይም ያዘዙትን ምግብ ግን ኮሜንት ላይ በፍጹም አይጻፉ።

በዚያ ምሽት ምግቡ በሰዓቱ ደርሶት «ለእኔስ ቅናሽ የለም?» የሚል ይኖራል። በትህትና «ቅናሹ ለዘገየባቸው ደንበኞቻችን የተሰጠ ነው፣ ስለጠየቁን እናመሰግናለን» ይበቃል።

ቀልድ ብጨምርበትስ?

ትልቅ ስም ያለው ድርጅት አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል። በየካቲት 2018 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ኬኤፍሲ በብሪታንያ የማከፋፈያ ድርጅት ከለወጠ በኋላ ዶሮ አልቆበት ብዙ ቅርንጫፎቹን ዘግቶ ነበር። የስሙን ሦስት ፊደላት አዟዙሮ የእንግሊዝኛ ስድብ አስመስሎ በጋዜጣ ያወጣው ይቅርታ ብዙ ተወርቶለታል። ያን ያህል ያልተወራለት፣ ለእኔ ግን የሚበልጠው ሥራው፣ የትኛው ቅርንጫፍ ክፍት እንደሆነ ደንበኞች የሚያዩበት ድረ ገጽ መክፈቱ ነው። ሰው የሚፈልገው እሱን ነበር። ለአንድ ምግብ ቤት ገጽ የሚስማማው የተረጋጋ ቋንቋ ነው፤ ርቦት የጠበቀ ሰው በራሱ ጥበቃ ሲቀለድ ማየት አይፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ብንዘገይስ?

ያንኑ ፖስት ቀኑን ቀይረው አይለጥፉ። ሁለተኛው መዘግየት የሚናገረው የተገባው ቃል አለመፈጸሙን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው ወረፋው 12 ሲደርስ ትዕዛዙ ተዘግቶ ነበር ወይ የሚለው ነው። ካልተዘጋ፣ የመዝጋቱ ኃላፊነት ለማን እንደተሰጠ ይታይ። በጥድፊያ ሰዓት ምድጃ ላይ ያለ ሰው ወረፋ ሊቆጥር አይችልም፤ ሥራው ለካሸሩ ወይም ለፈረቃ ኃላፊው በስም መሰጠት አለበት። ተዘግቶም ከዘገየ ደግሞ ኩሽናው በሰዓት 20 ያወጣል የሚለው ግምት ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ምናልባት ዓርብ ምሽት ሳሎኑም ስለሚሞላ ለዴሊቨሪ የሚተርፈው 14 ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ሌላ ቅናሽ ከመጨመር ይልቅ በዚያ ሰዓት የሚታዘዙ ምግቦችን መቀነስ፣ ወይም ከሩቅ ሰፈር የሚመጣን ትዕዛዝ ለጊዜው አለመቀበል ይሻላል። ፖስቱም ይህንኑ በሁለት አረፍተ ነገር ይናገር፦ ባለፈው ያልነው እንዳልበቃ፣ እና ከዛሬ ጀምሮ ዓርብ ምሽት ምን እንደማይታዘዝ።